የሥራ ኢሜይልና የጋራ ካላንደር ስልክ ላይ፦ ይታያል እንጂ አይደውልም

#1 ማህደር_ክፍል

ሰላም ለዚህ ቤት። 14 ሠራተኛ ያለው ቢሮ ነው። ኢሜይላችን በጎግል ወርክስፔስ ነው፣ አድራሻው በራሳችን ዶሜይን የሚያልቅ። «የመኪና ስምሪት» የሚባል የጋራ ካላንደር ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ለሁሉም ሼር አድርጌያለሁ። መኪና የሚፈልግ እዚያ ይመዘግባል፣ ሾፌሮቹ ስልካቸው ላይ ያያሉ ተብሎ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ አለቆች አይፎን ነው የያዙት። ኢሜይላቸው ይገባል፣ የራሳቸው ካላንደርም ይታያል፣ «የመኪና ስምሪት» ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሳምሰንግና ቴክኖ የያዙት ደግሞ ካላንደሩን ያዩታል፣ ስልካቸው ግን ትንፍሽ አይልም። እያንዳንዱ ጉዞ ላይ ከ1 ሰዓት በፊት እንዲደውል አድርጌያለሁ፤ የእኔ ስልክ ይደውላል፣ የሾፌሮቹ ዝም። ሐሙስ ወደ ደብረ ብርሃን ጉዞ አለ፣ መነሻው ጠዋት 1 ሰዓት። እስከዚያ ባስተካክለው ደስ ይለኛል። ምን ጎደለ?

#2 አቡሽ_ሞባይል

ቀላል ነው እህቴ። አይፎኑ ላይ ያለውን አካውንት አጥፊውና እንደገና በ«Other» አስገቢው። ገቢው imap.gmail.com ፖርት 993 SSL፣ ወጪው smtp.gmail.com ፖርት 465 SSL። ፓስወርዱን በትክክል አስገቢ፣ አለቀ። እኔ ሱቅ ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የማስገባው፣ አንድም ቀን ተመልሶ የመጣ የለም።

#3 ሽቦና_ሰርቨር

አቡሽ፣ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ለዚህ ችግር ግን መድኃኒት አይሆኑም። IMAP የሚያመጣው ደብዳቤ ብቻ ነው። ካላንደር በዚያ በር አይገባም። አካውንቱን አጥፍታ በዚያ መንገድ ብታስገባው አለቆቹ አሁን የሚያዩትን የራሳቸውን ካላንደርም ያጡታል። ሌላም አለ፦ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2025 የወርክስፔስ አካውንትን በተራ ፓስወርድ ብቻ ከሌላ አፕ መክፈት ዘግቷል። ስለዚህ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖም «ተሳስቷል» ይላታል፣ እሷም ፓስወርድ ስትቀይር ትውላለች። ሱቅህ የሚመጡት ሰዎች ኢሜይላቸው ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ለእነሱ አሠራርህ ይሠራል።

ማህደር፣ አይፎኑ ላይ አካውንቱን አትንኪው። በ«Google» ስም የገባ ከሆነ ልክ ነው። ችግሩ ያለው ጎግል ዘንድ ነው። የአይፎኑ የራሱ ካላንደር አፕ ከጎግል የሚቀበለው የባለቤቱን ካላንደር ነው፤ ሼር የተደረጉት እንዲላኩለት ባለቤቱ በአንድ ገጽ ላይ ምልክት ማድረግ አለበት። ያ ገጽ ከሴቲንግ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም፣ አድራሻውን መጻፍ ነው፦

```
https://calendar.google.com/calendar/syncselect
```

ይህን የአለቃው አካውንት በተከፈተበት ብራውዘር ክፈቺው። በአንቺ አካውንት ከከፈትሽው የራስሽን ነው የምትቀይሪው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጥግ ላይ ያለውን ፎቶ አይተሽ አረጋግጪ። ከዚያ «የመኪና ስምሪት» ላይ ምልክት አድርገሽ «Save»። ስልኩ ላይ ካላንደር አፑን ከፍተሽ ከታች «Calendars» የሚለውን ነክተሽ ዝርዝሩን ወደ ታች ጎትተሽ ልቀቂው፤ ያድሰዋል።

ገጹ ላይ ራሱ «የመኪና ስምሪት» ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ሼር ስታደርጊ ለእያንዳንዱ ሰው ኢሜይል ይሄዳል፣ ውስጡ ካላንደሩን የሚጨምር ሊንክ አለ። ያን ሊንክ ያልነካ ሰው ፈቃዱ ተሰጥቶትም ካላንደሩ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ኢሜይሉን በስሙ ይፈልገው፣ ካጣው አውጥተሽ እንደገና ሼር አድርጊለት።

#4 ሽቦና_ሰርቨር

ሁለተኛውን ጥያቄ ለብቻው ልመልስ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

የጋራ ካላንደር ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ሁሉም ያየዋል፣ ማንንም በስሙ አይጠራም። ጉዞው ላይ ያደረግሽው የ1 ሰዓት ሪማይንደር የአንቺ ብቻ ነው። ጎግል ካላንደር ላይ ሪማይንደር የክንውኑ ንብረት አይደለም፣ የተመልካቹ ነው። ለዚህ ነው የአንቺ ስልክ የሚጮኸው። ሼር ተደርጎለት የተቀበለ ሰው ደግሞ በዚያ ካላንደር ላይ መነሻ ሪማይንደሩ ባዶ ነው። ማንም ምንም አላጠፋም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

መፍትሔው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ቢደረግ ጥሩ ነው።

አንደኛው በየሾፌሩ ስልክ ላይ ነው። ጎግል ካላንደር አፕ ይከፈታል፣ ከላይ በግራ ሦስቱ መስመሮች፣ ወደ ታች ወርዶ «Settings»። በሥራ ኢሜይሉ ሥር «የመኪና ስምሪት» አለ፤ ካልታየ «Show more» ውስጥ ተደብቋል። ይነካል። መጀመሪያ «Sync» መብራቱን ማየት፣ ከዚያ «Default notifications» ሥር «Add notification»። እኔ ብሆን ሁለት እጨምር ነበር፦ 1 ቀን በፊትና 1 ሰዓት በፊት። ከዚህ በኋላ በዚያ ካላንደር ላይ ማንም የሚመዘግበው ጉዞ እሱ ስልክ ላይ ይደውላል። አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ይሁንና እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት ማድረግ አለበት፣ አንቺ ከኮምፒውተርሽ ልታደርጊላቸው አትችይም።

ሁለተኛው ግብዣ ነው። የሐሙሱን ጉዞ ስትመዘግቢ «Add guests» ላይ የሾፌሩን የሥራ ኢሜይል ጨምሪ። አሁን ማስታወቂያው ደብዳቤ ሆነ ማለት ነው፦ ክንውኑ በራሱ ዋና ካላንደር ላይ ይቀመጣል፣ በዋና ካላንደሩ ሪማይንደር ይደውልለታል፣ «Yes» ወይም «No» ብሎ ይመልሳል፣ መልሱን አንቺ ታያለሽ። «አልደረሰኝም» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ወይ መልሷል ወይ አልመለሰም፣ ከስሙ ጎን ይታያል።

አንድ አደጋ አለው። የተጋበዘው ሾፌር ያንኑ ጉዞ ሁለት ቦታ ሊያየው ይችላል፣ አንዱ ከጋራው፣ አንዱ ከራሱ። «ተደግሟል» ብሎ ከጋራው ላይ ከሰረዘው፣ የመለወጥ ፈቃድ ካለው፣ ለሁሉም ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ለሾፌሮቹ «See all event details» ብቻ ስጪ፤ «Make changes to events» መኪና ለሚያስመዘግቡት ይሁን። ከተሰረዘም ኮምፒውተር ላይ ከላይ በቀኝ ያለውን የሴቲንግ ምልክት ስትነኪ በሚወጣው «Trash» ውስጥ ለ30 ቀን ያህል ይቆያል።

#5 ጎራዴ

ለ14 ሰው ይሄ ሁሉ? የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ጉዞውን ፒን አድርጉ። ሾፌር ካላንደር ሲያገላብጥ አይቼ አላውቅም።

#6 ሽቦና_ሰርቨር

ጎራዴ፣ ሦስት ጉዞ ካለ ፒን ይበቃል። 20 ሲሆን የትኛው መኪና ሐሙስ ከሰዓት ነፃ እንደሆነ ከግሩፕ ፈልገህ አታወጣውም። ደግሞ ፒን የተደረገ መልእክት በ12 ሰዓት አይቀሰቅስም።

#7 ዘመን_ቆጣሪ

የምትፈልጉት የኢትዮጵያ ካላንደር ከሆነ ፕሌይ ስቶር ላይ ብዙ አለ፣ መስከረም ጥቅምት እያለ የሚያሳይ፣ የበዓላት ቀንም ያለው። እሱን ጫኑና ሼር አድርጉ። የጎግሉ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ ለሾፌር አይመችም።

#8 ማህደር_ክፍል

ዘመን ቆጣሪ፣ አመሰግናለሁ ግን ጥያቄዬ ስለ ቀን መቁጠሪያው አልነበረም።

ውጤቱን ልንገራችሁ። የአንደኛው አለቃ አይፎን በሲንክ ገጹ ወዲያው ተስተካከለ። የሁለተኛው ሊንኩን አልነኩም ነበር፤ ኢሜይሉ ከነሐሴ ጀምሮ ሳይከፈት ተቀምጧል። አሁን ታየ። የሳምሰንጎቹን ሪማይንደር አንድ በአንድ አስገባሁ፣ ለሐሙሱ ጉዞም ሾፌሩን ጋበዝኩ።

አዲስ ችግር መጣ ግን። ትናንት ከሌላ ክፍል የተመዘገበ ጉዞ ነበር፣ «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት አዳማ»። የሾፌሩ ስልክ ዛሬ ለሊት 8 ሰዓት ላይ ነው የጮኸው። ሰውየው ጠዋት በቁጣ ነው የደወለልኝ። ካላንደሩን ስከፍተው ጉዞው ከሁሉም በላይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ካለው ቦታ ላይ ተቀምጧል።

#9 ሽቦና_ሰርቨር

የዘመን ቆጣሪ መልስ ለካ ሙሉ በሙሉ ከርዕስ አልወጣም።

መዝጋቢው «3 ሰዓት» ሲል 3፡00 አስገብቷል፤ ስልኩ ይህን የሚረዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ 3፡00 ብሎ ነው፣ ማለትም በእኛ ለሊት 9 ሰዓት። የ1 ሰዓቱ ሪማይንደር ለሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ስልኩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ጠዋት 3 ሰዓት 9:00 AM ነው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት 2:00 PM ነው።

ለቢሮ የሚጠቅም ቀላል ዘዴ አለ፦ ርዕሱ ውስጥ የእኛን ሰዓት በቃል መጻፍ፣ ለምሳሌ «አዳማ፣ ጠዋት 3 ሰዓት»። ርዕሱ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ክንውኑ 3:00 AM ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው ሁሉ ስህተቱን ይይዘዋል። ቀንም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው መጋቢት 3ን ማርች 3 ብሎ ካስገባ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ነው የመዘገበው፣ መጋቢት 3 ማርች 12 ነውና። እሱን ሪማይንደር አያድነውም።

#10 ሲልቨር_ስፕሪንግ

ስለ ሰዓት ከተነሳ እኔም ልጠይቅ። ከአዲስ አበባ ካለ ማኅበር ጋር በየሳምንቱ ማክሰኞ ስብሰባ አለን። ግብዣውን የምልከው እኔ ነኝ፣ ከሜሪላንድ፣ 9:00 AM። እዚያ ያሉት በ11 ሰዓት ይገባሉ። መጋቢት ላይ ግን ግማሾቹ «ሰዓቱን ለምን ቀየርሽው» ብለው በ11 ገቡ፣ እኛ ጨርሰን ወጥተናል። እኔ ምንም አልነካሁም። ካላንደሩ በራሱ ነው የቀየረው፤ ይሄ የጎግል ችግር አይደለም?

#11 ሽቦና_ሰርቨር

አይደለም፣ ጎግል ትክክል ነው የሠራው። የሚደጋገም ክንውን የሚታሰረው በተፈጠረበት የሰዓት ክልል ነው። ግብዣሽ ውስጡ ሲታይ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

```
DTSTART;TZID=America/New_York:20260303T090000
RRULE:FREQ=WEEKLY;BYDAY=TU
```

«በኒው ዮርክ ሰዓት 9፡00፣ በየማክሰኞ» ነው የሚለው። ሜሪላንድ በዚያው ክልል ነው። ማርች 3፣ በእኛ የካቲት 24፣ ልዩነታችን 8 ሰዓት ስለነበር 9:00 AM አዲስ አበባ ላይ 5:00 PM ሆነ፣ ማለትም 11 ሰዓት። እሁድ ማርች 8 አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ገፋች። ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። ልዩነቱ 7 ሆነ። ማርች 10፣ መጋቢት 1፣ ያንቺ 9:00 AM አዲስ አበባ ላይ 4:00 PM፣ 10 ሰዓት ነው። ስልካቸው ላይ በትክክል ወደ 10 ተዛውሯል፤ በ11 የገቡት ስልካቸውን ሳይሆን ልማዳቸውን ያዩት ናቸው። በኖቬምበር መጀመሪያ ወደ 11 ይመለሳል።

የአዲስ አበባዎቹ ሰዓት እንዳይነቃነቅ ከፈለግሽ ኮምፒውተር ላይ ክንውኑን ክፈቺ፣ ከሰዓቱ አጠገብ «Time zone» የሚለውን ነክተሽ የአዲስ አበባን ምረጪ። ያኔ በዓመት ሁለቴ የሚነቃነቀው ያንቺ ይሆናል። አንዱ ወገን መነቃነቁ አይቀርም፤ ማን እንደሚነቃነቅ መምረጥ ነው።

#12 ሲልቨር_ስፕሪንግ

ገባኝ። እኛ ብንነቃነቅ ይሻላል፣ እነሱ ከሥራ ሰዓት በኋላ ትራንስፖርት አለባቸው። ሌላ አንድ ነገር፦ የእነሱን የጋራ ካላንደር ለእኔ ጂሜይል ሼር አድርገውልኝ የማየው «busy» የሚል ሳጥን ብቻ ነው፣ ርዕስ የለውም። ፈቃዱን ሙሉ ሰጥተናል ይላሉ።

#13 ሰላማዊት_አድሚን

ይሄ የአድሚን ቅንብር ነው። ወርክስፔስ ላይ አድሚኑ ካላንደር ከድርጅቱ ውጪ ላለ ሰው ሼር ሲደረግ ምን ያህል እንዲታይ ይወስናል። እሱ «ነፃ ወይም ባተሌ» ላይ ከተዘጋ ከሥር ያለ ሠራተኛ የቱንም ፈቃድ ቢሰጥ አያልፍም። አድሚኑ ይፍታው፣ ወይም እርስዎን በየክንውኑ ይጋብዝዎት፤ ለተጋባዥ ዝርዝሩ ይታያል።

ማህደር፣ ለአንቺም አንድ ነገር ልበል፣ ማንም አላነሳውም። «የመኪና ስምሪት»ን በማን አካውንት ነው የፈጠርሽው? በራስሽ ከሆነና አንድ ቀን ሥራ ለቀሽ አካውንትሽ ከተሰረዘ ካላንደሩ አብሮሽ ሊሄድ ይችላል። በቢሮው የጋራ አካውንት ሥር ብትፈጥሪው ይሻላል፤ ኮምፒውተር ላይ «Other calendars» ጎን መደመሪያዋን ነክተሽ «Create new calendar»።

#14 ትዕግስት_ሂሳብ

የእኛ ቢሮ ማይክሮሶፍት ነው፣ አውትሉክ። የጎግል ቢሮ ካለው አጋር ጋር ነው የምንሠራው። እነሱ ስብሰባውን ከ4 ሰዓት ወደ 5 ያዛውራሉ፣ እነሱ ዘንድ ሁሉም በ5 ይታያል፣ እኔ ስልክ ላይ ግን በ4 ነው ያለው። ለብቻዬ ዙም ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቀው። አውትሉክን አጥፍቼ ብጭነው ይስተካከላል?

#15 ሽቦና_ሰርቨር

አይስተካከልም፤ ስልክሽ ንጹህ ነው። እነሱ ሰዓቱን ሲቀይሩ ጎግል «ለተጋባዦች ይላክ?» ብሎ ይጠይቃል። «Don't send» ሲሉ ጎግል የሚጠቀሙት ካላንደር ውስጥ ለውጡ እንዲሁ ይገባል፣ ሁሉም አንድ ቤት ናቸውና። አንቺ ውጪ ነሽ፤ አንቺ ጋ የሚደርሰው በኢሜይል በሚሄደው ማስተካከያ ብቻ ነው። እሱ ካልተላከ የድሮው ሰዓት እዚያው ይቀራል። አዛውሮ «Send» ማለት እንዳለበት ለአዘጋጁ ንገሪው። ኢሜይል ያበዛብናል ብለው ነው የሚተዉት።

#16 ማህደር_ክፍል

ይሄ ለእኛም ይሠራል ማለት ነው፣ አንዳንድ ተጓዥ ከሌላ ድርጅት ነው የሚመጣው። እነሱ ግብዣውን በኢሜይል ያገኙታል ግን ካላንደራቸው ላይ አይገባም ይላሉ። ጂሜይል ናቸው።

ካላንደሩን በራሴ ነበር የፈጠርኩት ሰላማዊት፣ ነገ በቢሮው አካውንት አዲስ እከፍታለሁ።

#17 ሰላማዊት_አድሚን

ስፓም ግብዣ ስለበዛ ካላንደር ሴቲንግ ውስጥ «Add invitations to my calendar» የሚል ምርጫ አለ። «Only if the sender is known» ላይ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ከአንቺ ጋር ላልተጻጻፈና ኮንታክቱ ውስጥ ላላስገባሽ ሰው ግብዣሽ ኢሜይል ሆኖ ይቀራል። ተቀባዩ ኢሜይሉ ውስጥ «Yes» ሲል ያኔ ይገባል። ለውጭ ተጓዦች በኢሜይሉ ላይ «Yes ይበሉ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ፣ አንዴ ከመለሱ በኋላ ትታወቂያለሽ።

#18 ከዱባይ

ይቅርታ፣ ወደኋላ ልመልሳችሁ። መሥሪያ ቤቱ ኢሜይሉን ስልኬ ላይ አስገባ ሲለኝ ስልኬን እንዲያስተዳድር ፍቀድ የሚል ገጽ መጣ፣ ከዚያ የቦርሳ ምልክት ያለባቸው ሁለተኛ ጂሜይልና ካላንደር ተፈጠሩ። ፎቶዬንና ዋትሳፔን ያያሉ ማለት ነው? እስካሁን «Cancel» እያልኩ ነው።

#19 አቡሽ_ሞባይል

ኧረ አትፍቀድ ወንድሜ። አንዴ ከፈቀድክ ሙሉ ስልክህን ከሩቅ ያጠፉታል። ብዙ ሰው ደርሶበታል።

#20 ሰላማዊት_አድሚን

አቡሽ፣ ግማሹን ይዘኸዋል። የቦርሳ ምልክቱ የሥራ ፕሮፋይል ነው፣ ስልኩ ውስጥ የተለየ ክፍል። አድሚኑ የሚቆጣጠረውና የሚያጠፋው ያን ክፍል ነው፤ ከውጪ ያለውን ፎቶና ዋትሳፕ አያይም። ሙሉ ስልክ የሚጠፋው ስልኩ ራሱ የድርጅቱ ሆኖ ሲመዘገብ ነው፣ ወይም በድሮው የኤክስቼንጅ አገባብ የስልኩ የራሱ ሜይል አፕ ውስጥ ሲገባ፤ እዚያ ስልኩን በሙሉ የማጽዳት ትእዛዝ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ከዱባይ፣ የሚመጣልህ ገጽ «work profile» የሚል ከሆነ ፍርሃትህ ያን ያህል አይደለም። የአይፎን ከሆነ ገጹ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ «Remote Management» የሚለው ሥር ምን ምን እንደሚፈቀድ ተዘርዝሯል፣ አንብበው።

#21 ጎራዴ

የተለየ ክፍል ቢሉትም የስልኩን ቁልፍ ኮድ ስድስት አኃዝ አድርግ ብሎ ያስገድድሃል። የእኔ ስልክ ነው፣ ደመወዝ እንጂ ስልክ አልሰጡኝም። ሥራ ከፈለጉ ስልክ ይግዙ።

#22 ሰላማዊት_አድሚን

ይህ ከቴክኒክ ይልቅ የውል ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ስልክ የማይገዛ መሥሪያ ቤት ብራውዘር ላይ ገብቶ ማየትን ሊፈቅድ ይችላል፤ ያኔ ግን ሪማይንደር የለም።

#23 ማህደር_ክፍል

የሐሙሱ ጉዞ በሰላም ወጣ። ሦስት ነገር ቀርቷል።

አንደኛ፣ ረቡዕ ማታ መነሻውን ከ1 ወደ 2 ሰዓት አዛውሬው ነበር፣ «Send»ም ብያለሁ። ሾፌሩ ግን በ12 ሰዓት ነው ስልኩ የቀሰቀሰው፣ እንደ ድሮው። በ1 ሰዓት ግቢ ደርሶ ለአንድ ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ቴክኖዎች አንድ ቀን ይደውላሉ አንድ ቀን አይደውሉም። ሦስተኛ፣ የአንደኛው አለቃ አይፎን ላይ አዲስ ጉዞ የሚታየው ማታ ቤታቸው ሲገቡ ነው።

#24 ሽቦና_ሰርቨር

ሾፌሩ ማታ ዳታ ያጠፋል? ጥቅል ለመቆጠብ ብዙ ሰው ያጠፋል። ሪማይንደሩ ስልኩ ላይ አስቀድሞ የተቀመጠ ስለሆነ ያለ ኢንተርኔትም ይደውላል፤ ለውጡ ግን ዳታ እስኪበራ አይደርሰውም። ስለዚህ በድሮው ሰዓት በታማኝነት ቀሰቀሰው። ካመሸ በኋላ የሚቀየር ጉዞ ስልክ ደውሎ መንገር ነው፣ ለዚህ ካላንደር አልተሠራም።

የአለቃው አይፎን መልሱን ራስሽ ተናግረሻል፦ «ማታ ቤታቸው ሲገቡ»። የጎግል አካውንት በአይፎኑ የራሱ አፕ ሲገባ ጎግል ወደ ስልኩ አይገፋም፣ ስልኩ ነው እየሄደ የሚጠይቀው። «Settings»፣ «Apps»፣ «Mail»፣ «Mail Accounts»፣ «Fetch New Data» ግቢ፤ በቆዩት አይኦኤሶች «Mail» በቀጥታ «Settings» ሥር ነው። ከታች «Automatically» ላይ ከሆነ ከጀርባ የሚያመጣው ቻርጅ ላይ ሆኖ ዋይፋይ ሲያገኝ ብቻ ነው። «Every 15 Minutes» አድርጊው። ባትሪ ትንሽ ይበላል። ያን ካልወደዱ የጎግል ካላንደርን አፕ ይጫኑላቸው፣ እሱ ወዲያው ነው የሚቀበለው፣ የሲንክ ገጹንም አይፈልግም። አንድ አፕ ብቻ እንዲደውል ግን የሌላውን ኖቲፊኬሽን አጥፊ፣ አለዚያ ሁለቱም ይጮኻሉ።

እግረ መንገዴን፣ አይፎኑ ላይ «Default Calendar» የትኛው እንደሆነ እይ። የግል ጂሜይላቸው ከሆነ አለቃው የሚመዘግቡት ስብሰባ ሁሉ ቢሮው ሳያየው እዚያ ይቀራል።

#25 አቡሽ_ሞባይል

ቴክኖው የእኔ ቤት ነው፣ ልምጣበት። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፖችን ከጀርባ ይዘጋል። «Phone Master» የሚለው አፕ ውስጥ በራሳቸው የሚነሱ አፖች ዝርዝር አለ፣ ጎግል ካላንደር እዚያ መፈቀድ አለበት። ከዚያ የካላንደሩ አፕ መረጃ ገጽ ላይ ባትሪ የሚለውን ከገደብ ነፃ አድርጊው። በየጊዜው «ማጽዳት» የሚለውን ቁልፍ እየነኩ ራም የሚያጸዱ ከሆነም ያቁሙ፤ ካላንደሩን ራሳቸው እየገደሉት ነው።

#26 ሽቦና_ሰርቨር

አቡሽ ልክ ነው፣ ይሄን ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። ሳምሰንግ ላይ ያለው ተመሳሳዩ «Battery»፣ «Background usage limits»፣ «Never auto sleeping apps» ውስጥ ካላንደሩን መጨመር ነው። አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ ከሆነም «Special app access» ሥር «Alarms & reminders» ላይ ካላንደር መፈቀዱን እይ።

#27 ማህደር_ክፍል

አይፎኑ በ15 ደቂቃ ተስተካከለ። አንደኛው ቴክኖ ከ«Phone Master» በኋላ ሦስት ቀን በተከታታይ ደውሏል። ሁለተኛው ሁሉም ተፈቅዶለት ትናንትም ዝም ብሏል፤ የሙከራ ክንውን ከ10 ደቂቃ በኋላ ስመዘግብ ይደውላል፣ ለሊቱን ካደረ በኋላ ግን አይደውልም።

#28 አቡሽ_ሞባይል

ማታ ስክሪኑ ሲጠፋ የሚነሳ የባትሪ ቆጣቢ ይኖራል፣ በሰዓት የተቀጠረ ወይም ከ20 ፐርሰንት በታች ሲሆን የሚበራ። ማታ ስንት ፐርሰንት ላይ እንደሚተኛ ጠይቂው። ካልሆነ ስልኩን ይዞ ይምጣ፣ ሞዴሉን ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።